«አልተመረጡም» የሚለው ደብዳቤ ለመጨረሻ ዙር እጩ ሲጻፍ

ሲቪ ልኮ መልስ ያላገኘ ሰው ትንሽ ይናደድና ይረሳዋል። መጨረሻ ዙር ደርሶ የቀረ ሰው ግን በቀላሉ አይረሳም። ሁለት ሦስት ጊዜ ቃለ መጠይቅ ገብቷል። ለዚያ ብሎ ከሥራው ፈቃድ ወስዷል፤ ለአለቃውም የሆነ ሰበብ ፈልጓል። የሙከራ ሥራ ተሰጥቶት ቅዳሜና እሁዱን ሲሠራ ውሏል። የቀድሞ አለቆቹን ስልክ ሰጥቷል፤ ተደውሎላቸው ስለ እሱ ተጠይቀዋል፤ አሁን ደግሞ እነሱ «እሺ፣ ምን ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁታል። ስንት ደመወዝ እንደሚፈልግና መቼ መጀመር እንደሚችል ሳይቀር ተነጋግሯል። መቼ ትጀምራለህ የተባለ ሰው ተስፋ ቢያደርግ አይፈረድበትም።

ለዚህ ሰው ነው እንግዲህ አራት መስመር ኢሜይል የሚላክለት። ብዙ ጊዜም ደብዳቤውን የሚጽፈው ሰው አዲሱን ተቀጣሪ ለመቀበል እየተጣደፈ፣ ከድሮ ፋይል አንድ የተዘጋጀ ጽሑፍ አውጥቶ፣ ስሙን ቀይሮ ነው።

በቅጥር ሥራ ላይ ብዙ ከቆየሁ በኋላ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ። ሰው አለመመረጡን ከምናስበው በላይ ይችለዋል። የማይችለው የተነገረው ምክንያት እውነት እንዳልሆነ ሲያውቅ ነው። ጭቅጭቁ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚያደርሰውም እሱ ነው።

አንድ ጉዳይ ላንሳ። ድርጅቱንም ሰዎቹንም አልጠራም። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ፋይሉን እንዳይ ተጠርቼ ነው ያወቅኩት።

ቦታው የደንበኞች አገልግሎት ቡድን መሪነት ነበር። መጨረሻ ላይ ሁለት እጩዎች ቀሩ። አንደኛዋ በዘርፉ 9 ዓመት ሠርታለች። ሁለተኛው 5 ዓመት። ለሁለቱም አንድ ዓይነት የሙከራ ሥራ ተሰጣቸው፦ 14 ሠራተኛ አለ፣ በየሰዓቱ የሚገባው የስልክ ጥሪ ብዛት ይኸውና፣ የአንድ ሳምንት የፈረቃ ፕሮግራም ሥሩ። እሷ የሠራችው ፕሮግራም ንጹሕና ለሠራተኛው የሚያዝን ነበር፤ ሁሉም እኩል ዕረፍት ያገኛል። ችግሩ፣ ጥሪ በሚበዛበት የጠዋት ሰዓት ላይ የተመደበው ሰው አነሰ፤ ጸጥ በሚለው ከሰዓት በኋላ ደግሞ ተረፈ። ሁለተኛው እጩ ያቀረበው መልኩ ያን ያህል ባያምርም ሰዉን ጥሪው ባለበት ሰዓት ላይ አስቀምጦታል። ጠያቂዎቹ ይህን በውጤት መስጫ ቅጹ ላይ ጽፈውታል። በልምድ እሷ በልጣለች፣ በፈረቃ አመዳደብ እሱ፤ ለቦታው ዋናው መስፈርት ደግሞ ሁለተኛው ነበር። ውሳኔው አያከራክርም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው እወስን ነበር።

ከዚያ ይህ ደብዳቤ ተላከላት፦

«ለሥራ ቦታው ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን። ውሳኔው እጅግ ከባድ ነበር። ሆኖም ከእርስዎ የተሻለ ልምድ ያለው እጩ በማግኘታችን በዚህ ጊዜ ልንቀጥርዎ አልቻልንም። መረጃዎን በፋይላችን ይዘን ተስማሚ ቦታ ሲኖር እናሳውቅዎታለን።»

ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ስድብ የለበትም። ግን «የተሻለ ልምድ» የሚለው ከየት መጣ? ከየትም። የድሮው ጽሑፍ ላይ ስለነበር ብቻ ነው የገባው። የውጤት ቅጹ ተቃራኒውን ይላል።

በዚያው ሰሞን ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ ደግ ሰው መሆን ፈልጎ፣ በስልኩ ጻፈላት። «እኔ ድምፄ ላንቺ ነበር። ምን ላድርግ፣ ከላይ ነው የተወሰነው።» ውሸት ነው። እሱም ቅጹ ላይ ለሁለተኛው እጩ ነው ብልጫ የሰጠው። ሊያጽናናት ብሎ ነው፤ የሚያጽናና ሰው ስንት ቃል እንደሚያባክን መቼም ሁላችንም እናውቃለን።

ትንሽ ቆይቶ አዲሱ ተቀጣሪ ሊንክድኢን ላይ አዲሱን ሥራውን አሳወቀ። የሥራ ታሪኩ እዚያው ተዘርግቷል። 5 ዓመት። እሷ 9። አየችው።

አሁን በእሷ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የተነገረኝ ምክንያት ልክ አይደለም። አንድ የውስጥ ሰው ደግሞ ከላይ ነው የተወሰነው ብሎኛል። ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? ያኔ ነው ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ ከጨዋታ ጋር የተነገረ አንድ ዓረፍተ ነገር ትዝ ያላት። «የማታ ፈረቃ ሲኖር ልጆች ላሉት ሰው ይከብዳል፣ አይደል?» ብሏት ነበር አንዱ። በጊዜው ፈገግ ብላ አልፋዋለች። ምናልባት ሁለተኛ አታስታውሰውም ነበር። እውነተኛው ምክንያት የነበረበት ቦታ ባዶ ስለሆነ ግን ይህ ዓረፍተ ነገር መጥቶ ሞላው።

የጻፈችው መልስ ላይ ሦስት ጥያቄ ነበር። የተመረጠው ሰው የትኛው ልምዱ ነው ከእኔ የተሻለው? ውሳኔውን የወሰነው ማነው? እናት መሆኔ በውሳኔው ላይ ምን ድርሻ ነበረው? ሦስተኛውን ጥያቄ ያየ የሕግ ክፍል እንቅልፍ አይወስደውም። ስለ ልጆች የተባለው ቃለ መጠይቅ ላይ ጭራሽ መነሳት ያልነበረበት ነገር መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ለውሳኔው ምክንያት እንዳልነበረ ግን ፋይሉ ያሳያል። ያም ሆኖ ድርጅቱ «ፋይላችን የሚለው ሌላ ነው» ብሎ ሲከራከር፣ መጀመሪያ ማስረዳት ያለበት ለምን በራሱ ደብዳቤ ላይ ያልሆነ ነገር እንደጻፈ ነው።

ሕጉም ይህንኑ ያውቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 ሪቭስ በተባለው ጉዳይ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ወስኗል፦ አሠሪው የሰጠው ምክንያት ሐሰት መሆኑ ከታወቀ፣ ዳኞቹ ከሌላው ማስረጃ ጋር አያይዘው እውነተኛው ምክንያት መድልዎ ነው ወደሚል መደምደሚያ ሊደርሱ ይችላሉ። ጉዳዩ ስለ ቅጥር ሳይሆን ከሥራ ስለ ማሰናበት ነበር፤ የተነሳውም የዕድሜ መድልዎ ነው። አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው። ሰው ያለ ምክንያት አይዋሽም፤ የዋሸ ሰው የሚደብቀው ነገር አለው ይባላል። ደብዳቤ ጸሐፊው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። የድሮ ጽሑፍ ገልብጦ ነው እንጂ።

እዚህ ላይ ብዙ ኃላፊዎች አንድ መፍትሔ ይመጣላቸዋል። «እንግዲያው ምንም ምክንያት አንስጥ፤ ዝም እንበል።» ለመጀመሪያ ዙር አመልካች ይህ ያስኬዳል፤ አምስት መቶ ሰው ካመለከተ ለሁሉም ምክንያት መጻፍ አይቻልም። ለመጨረሻ ዙር እጩ ግን ዝምታ የሚመስለውን ያህል ጋሻ አይሆንም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ማይስተር በተባለ ጉዳይ ላይ ሁለት ነገር ተናግሯል። አንደኛ፣ መስፈርቱን አሟላለሁ የሚል ያልተመረጠ አመልካች፣ ሌላ ሰው ተቀጥሮ እንደሆነና በምን መስፈርት እንደተቀጠረ እንዲነገረው የመጠየቅ መብት የኅብረቱ ሕግ አይሰጠውም። ሁለተኛ ግን፣ አሠሪው ምንም ዓይነት መረጃ አልሰጥም ማለቱ፣ መድልዎ ነበር ብሎ ለመገመት ከሚታዩት ነገሮች አንዱ ሊሆን ይችላል። የመናገር ግዴታ የለብህም፤ ጭራሽ አፍህን ከዘጋህ ደግሞ ዝምታህም ይቆጠራል ማለት ነው።

በዚያ ላይ የአውሮፓ የመረጃ ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር፣ እጩው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ ማየት እፈልጋለሁ ብሎ መጠየቅ ይችላል። የቃለ መጠይቅ ማስታወሻ ስለ እሱ የሚለው ነገርም እዚያ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ደብዳቤው አንድ ቀን ከማስታወሻው ጎን ተቀምጦ ሊነበብ እንደሚችል አስቦ መጻፍ ነው።

እኔ የምሠራበት ደንብ አጭር ነው። ደብዳቤ ላይ የሚገባ ምክንያት ከውሳኔው በፊት በጽሑፍ የነበረ መሆን አለበት። ደብዳቤው ሲጻፍ የተወለደ ምክንያት አይገባም፤ ምንም ያህል የሚያምርና የሚያለዝብ ቢሆን። ለዚህ ነው የጠያቂዎቹ ቅጽ ተሞልቶና ተፈርሞ እጄ ሳይገባ ደብዳቤ የማልጽፈው። «ቆይ በኋላ እሞላዋለሁ» የሚል ጠያቂ አይጠፋም። በኋላ የተሞላ ቅጽ ደግሞ ውሳኔውን እያየ የተሞላ ነው፤ ለማንም አይጠቅምም።

ሁለተኛው ነገር ማወዳደር ነው። «ከእርስዎ የተሻለ» ስትል ስለ ሁለት ሰው እያወራህ ነው። አንደኛው እዚያ የለም፤ ስለ እሱ ማስረዳትም አትችልም፤ እጩዋ ግን ልትፈልገው ትችላለች። ሊንክድኢን የተፈጠረው ለዚህ ይመስል። «በፈረቃ አመዳደብ ሥራው ላይ ጥሪ የሚበዛባቸው ሰዓታት በቂ ሰው አልተመደበላቸውም» ስትል ግን የምታወራው ስለ አንድ ሥራና ስለ አንድ መስፈርት ነው። ሥራውን ራሷ ሠርታዋለች። ከፍታ ታየዋለች። ልትበሳጭ ትችላለች፤ ግን የምትበሳጭበት ነገር በእጇ ያለ፣ ልትፈትሸው የምትችለው ነገር ነው።

ማባበያ ቃላትም አሉ፤ ደግነት ይመስላሉ እንጂ ሸክም ናቸው። «በጣም ተቀራራቢ ነበር» ካልክ የሚቀጥለው ጥያቄ «በስንት ነጥብ?» ነው። «ብቃትዎ ከቦታው በላይ ነው» ሃምሳ ዓመት ለሞላው ሰው ሲነገር «አርጅተሃል» ተብሎ ይሰማል። «ከቡድናችን መንፈስ ጋር» የሚለው ደግሞ የፈለግከውን ሁሉ የሚያስገቡበት ከረጢት ነው፤ እጩው የሚያስገባበት የሚፈራውን ነገር ነው። ሃይማኖቱን፣ አነጋገሩን፣ የመጣበትን። እነዚህን ቃላት ቅጹ ላይ ሳይቀር ሳያቸው ወደ ጠያቂው እመልሳለሁ። ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? እሱን ጻፍ።

«ተስማሚ ቦታ ሲኖር እናሳውቅዎታለን» የሚለውን ከሁሉ በላይ እጠላዋለሁ። ማንም አያሳውቅም። የሚያሳውቅ ሰው አልተመደበም፣ ዝርዝርም የለም። ከወራት በኋላ ያው ቦታ እንደገና በማስታወቂያ ሲወጣ ግን እጩዋ ቃል እንደተገባላት ታስታውሳለች፤ በጽሑፍም ይዛዋለች። እውነት ተጠባባቂ ሆና ተይዛ ከሆነ ይነገራት፣ እስከ መቼ እንደሆነም ቀኑ ይጻፍ። ካልሆነ «ወደፊት በሚወጣ ቦታ ላይ ማመልከት ይችላሉ» በቂ ነው። ያ እውነት ነው፤ ማንንም ዕዳ ውስጥ አይከትም።

ያንን ደብዳቤ እንደገና እንድጽፈው ብባል እንዲህ ይሆን ነበር፦

«ወ/ሮ እንትና፣
ለቡድን መሪነት ቦታው ሌላ እጩ መርጠናል፤ እርስዎን አልመረጥንም። ውሳኔው የመጨረሻ ነው፤ የተመረጡት እጩም ቦታውን ተቀብለዋል።
ቃለ መጠይቆቹ ላይ ለመገኘትና የፈረቃ አመዳደቡን ለመሥራት ጊዜ ሰጥተዋል፤ እናመሰግናለን። ቡድን በመምራት ያለዎትን ልምድ ጠያቂዎቹ በግልጽ አይተውታል። ለዚህ ቦታ ከፍተኛ ክብደት የሰጠነው ሰው ጥሪ በሚበዛበት ሰዓት መመደብን ነበር፤ በዚህ ሥራ ላይ ያቀረቡት ፕሮግራም የጠዋቱን ሰዓት በሚፈለገው መጠን አልሸፈነም።
ስለዚህ ነጥብ መነጋገር ከፈለጉ በዚህ ኢሜይል ይጻፉልኝ፤ አጭር የስልክ ጊዜ እንይዛለን። በፈረቃ ሥራው ላይ ጠያቂዎቹ ያዩትን አብራራለሁ፤ ስለ ሌሎች እጩዎች ግን መናገር አልችልም። ወደፊት በሚወጣ ቦታ ላይ ማመልከት ይችላሉ።»

ውሳኔው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነው። እንዲህ ያለ መልእክት የሚከፍት ሰው «ሆኖም» የምትለዋን ቃል ፍለጋ ነው የሚያነበው፤ ለምን እናስፈልገዋለን? «የመጨረሻ ነው» የሚለውን ጨካኝ ነው ያሉኝ አሉ። አይመስለኝም። በሩ ገርበብ ያለ የመሰለው ሰው ነው ሌላ የቀረበለትን ሥራ አቆይቶ የሚጠብቀው። ልምዷን ያነሳሁት ደግሞ ለማጽናናት አይደለም፤ ቅጹ ላይ ስላለ ነው። ባይኖር አላነሳውም ነበር።

የተመረጠው ሰው ተቀብሏል የሚለው መስመር እውነት እንዲሆን ደብዳቤው መቆየት አለበት። የቀጠርነው ሰው የሥራ ስምምነቱን በጽሑፍ ሳይቀበል ሁለተኛዋን ማሰናበት ሞኝነት ነው፤ እሱ ሐሳቡን ቢቀይር ወደ እሷ ነው የምንመለሰው። ይህ ለድርጅቱ ነው የሚመቸው። ለእሷ ግን ያ ጊዜ ጨለማ ነው። ስለዚህ በመሃል አንድ አጭር መልእክት ይገባል፦ «ውሳኔው ገና አልተጠናቀቀም፤ እስከ ሐሙስ እናሳውቅዎታለን።» ሐሙስ ሲደርስም ነገሩ ካላለቀ አላለቀም ብሎ መጻፍ ነው። ሐሙስ ብሎ በቀጣዩ ማክሰኞ የጻፈ ሰው ደብዳቤው ምንም ቢያምር ሲነበብ ቀድሞ ተበላሽቷል።

ስልክ ይሻላል ወይስ ኢሜይል ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። በስልክ የሰማ ሰው አደባባይ ላይ ወይም ሥራ ቦታው መሃል ሆኖ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» እያለ የሚያለቅስበት ጊዜ አለ። እኔ ኢሜይሉን አስቀድማለሁ፤ ስልኩን እሷ ከፈለገች በኋላ። የምታውቁት የውስጥ ሠራተኛ ከሆነ ግን በአካል ነው፤ ነገ ካፌ ላይ ትገናኛላችሁ።

ከመላኬ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ጉዳዩን ለማያውቅ የሥራ ባልደረባ አሳየውና «ይህ ቢደርስህ ምን ብለህ ትመልሳለህ?» እለዋለሁ። «እሺ» ካለ ይሄዳል። «ከማን ነው የተሻለው?» ወይም «ታዲያ ምን ያህል ቀረኝ?» ካለ ያንን ጥያቄ የጠራችውን ቃል ፈልጌ አወጣለሁ። ሁሌም አንዲት ቃል ናት።

ጠያቂዎቹን ደግሞ ቃለ መጠይቁ ሳይጀመር ነው የማነጋግራቸው። ውሳኔውን የሚናገር አንድ ሰው ነው። እጩ በግል ቢጽፍላችሁ «አመሰግናለሁ፣ መልሱን ከእገሌ ታገኛላችሁ» ብቻ። «ድምፄ ላንተ ነበር» የሚባል ነገር የለም፤ እውነት ቢሆን እንኳ። እውነት ሲሆን እንዲያውም ይብሳል፤ የቡድኑን ውሳኔ የግለሰቦች ጠብ ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የተናደደ መልስ ይመጣል። ይምጣ። እንደዚያ ያለ መልስ ሲደርስ የመጀመሪያው ፈተና አዲስ ምክንያት መጨመር ነው፦ «ደግሞም በሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ላይ…» ምክንያት በተጨመረ ቁጥር የፊተኛው ይረክሳል፤ ለምን ያኔ አልተባለም ይባላል። መልሱ ውስጥ ቅሬታ ብቻ ካለ፣ መልእክቱ እንደደረሰ፣ ምክንያቱ ቀድሞ የተጻፈው እንደሆነ፣ የስልኩ ጊዜ አሁንም ክፍት እንደሆነ አንድ ጊዜ ይጻፋል። ስለ ልጆች፣ ስለ ዕድሜ ወይም ስለ ሃይማኖት የተነሳ ነገር ካለበት ግን እሱ ቅሬታ ብቻ አይደለም፤ አቤቱታ ነው። ያኔ ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ብዕሩን ያስቀምጣል። ቅጾቹና ማስታወሻዎቹ እንዳይጠፉ ይያዛሉ፣ በቅጥሩ ውስጥ ያልነበረ ሰው ይመደብለታል፣ ለእጩዋም ጉዳዩን ማን እንደሚያየውና መቼ መልስ እንደምታገኝ ይነገራታል። «ልጆች ላሉት ሰው ይከብዳል» ያለውም ሰው ተጠርቶ ምን እንዳለና ለምን እንዳለ ይጠየቃል።